«ምክንያት የሰነፎች መደበቂያ ነው» ስለሚለው ጥቅስና ስለሚያሳፍራቸው ተማሪዎች

ይድረስ፦ በአነደድ ወረዳ በአምበርና በአካባቢዋ ለሚያስተምሩ መምህራን፣ ለሚኒ ሚዲያ ክበብ አስተባባሪዎች እና በየትምህርት ቤቱ እየተጋበዙ አነቃቂ ንግግር ለሚያቀርቡ ሁሉ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተቃረበ ቁጥር በሰልፍ ላይ የሚነበቡት፣ በክፍል ግድግዳ የሚለጠፉትና በመድረክ የሚነገሩት ጥቅሶች ከዓመት ዓመት ተመሳሳይ ናቸው፤ «ምክንያት የሰነፎች መደበቂያ ነው»፣ «ድህነት የአስተሳሰብ ውጤት ነው»፣ «ከፈለግህ ትችላለህ፣ ካልቻልክ ስላልፈለግህ ነው» የሚሉት በብዛት ይሰማሉ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ተማሪን የማበረታታትን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው ብርታት ይሰጣል ተብሎ የሚነገር ቃል በችግር ውስጥ ያለውን ተማሪ በችግሩ ላይ እፍረት የሚጨምርበት አሠራር ነው፤ ይህን አሠራር በሌላ መተካት ደግሞ ከመምህራኑ አቅም በላይ እንዳልሆነ ለማሳየት ይሞከራል።

የሥነ ልቦና ጸሐፊዎች ይህን አሠራር መርዛማ አዎንታዊነት ይሉታል፤ ይኸውም የሰውን ሐዘን፣ ፍርሃት ወይም ድካም ሳይሰሙና መነሻውን ሳይጠይቁ በቀና አስተሳሰብ ብቻ እንዲያሸንፈው ማዘዝ ማለት ነው። ተስፋ ማድረግ በራሱ መርዝ የለውም። መርዙ የሚገባው ጥቅሱ ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ ሲያደርግ ነው፤ በመጀመሪያ ከተማሪው ፈቃድ ውጭ ያለውን መሰናክል ሁሉ «ሰበብ» ብሎ ይሰርዘዋል፣ ቀጥሎም ውጤቱ ሲበላሽ ጥፋቱን ሙሉ በሙሉ በዚያው በተማሪው ላይ ይጥለዋል። እንዲህ ዓይነት ጥቅስ የተሳካለትን ያሞግሳል፣ ያልተሳካለትን ይወቅሳል፤ ምን እንደጎደለና ጉድለቱ በምን እንደሚሞላ ግን ለሁለቱም አይነግርም።

ጥቅሱ እውነት ይዞ እንደሆነ ለመመርመር ትምህርት ሚኒስቴር በጥር 2015 ዓ.ም. ያስታወቀውን የ2014 የትምህርት ዘመን ውጤት መመልከት ይበቃል። በዚያ ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ሲሆኑ፣ 1,161 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ካልቻልክ ስላልፈለግህ ነው የሚለው አባባል ትክክል ቢሆን ኖሮ፣ ከ1,000 በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ማለፍ የፈለገ አንድ ወጣት እንኳ አልነበረም ወደሚል ድምዳሜ ይደረስ ነበር፤ ይህን በድፍረት የሚናገር መምህር ግን አይገኝም። አንድ ትምህርት ቤት በጠቅላላው ሲወድቅ ምክንያቱ ከአንድ ልጅ ልብ ውስጥ አይፈለግም፤ በመጻሕፍት እጥረት፣ በመምህራን ዝግጅት፣ ከታች ክፍሎች እየተጠራቀመ በመጣ ክፍተት፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ባዘጋው ግጭት ውስጥ ይገኛል። እነዚህን መጥራት ሰበብ መደርደር ሳይሆን ሁኔታውን እንዳለ መግለጽ ነው።

በመድረክ ላይ የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ የሚነገርበት መንገድም ከዚሁ ጋር አብሮ ሊታይ ይገባዋል። ኃይሌ በአርሲ ገጠር ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይወሳና «እሱ ከቻለ አንተስ ምን አነሰህ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሆኖም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ገጠር፣ ያንኑ ያህል መንገድ የሚሮጡ እጅግ ብዙ ልጆች ነበሩ። በተረኩ ውስጥ ደግሞ እሱን በሯጭነት የቀደመው ታላቅ ወንድሙ ተከዬም፣ ብሔራዊ ቡድኑን ያሠለጥኑ የነበሩት ዶክተር ወልደ መስቀል ኮስትሬም አይጠሩም። ሰውየው ያገኘው ድጋፍ ተቆርጦ ጥረቱ ብቻ ሲቀር፣ ትምህርት መሆን የሚገባው ታሪክ መውቀሻ ይሆናል። አትሌቱ «ይቻላል» ሲል ከጀርባው ልምምድ፣ አሠልጣኝና ወንድም ነበሩት፤ ቃሉን የሚደግመው ተማሪ ግን ከነዚህ አንዱም ላይኖረው ይችላል።

እንዲህ ያለ ቃል ቢያንስ አይጎዳም የሚል መከላከያ ሊቀርብ ይችላል። ጆአን ዉድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት ግን ይህን መከላከያ ያዳክመዋል። በጥናቱ ተሳታፊዎች የደወል ድምፅ በሰሙ ቁጥር «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለራሳቸው እንዲደግሙ ተደረገ፤ ቀድሞውንም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው በመጠኑ ሲጠቀሙ፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ዓረፍተ ነገሩን ካልደገሙት መሰሎቻቸው ይልቅ ስሜታቸው የባሰ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ፣ ሰው ከማያምነው ውዳሴ ጋር ሲፋጠጥ ውዳሴው ትክክል አለመሆኑን የሚያሳዩ ማስረጃዎች ወደ አእምሮው ይጎርፋሉ የሚል ነው። ከዚህ የሚወጣው ነገር ለትምህርት ቤት ከባድ ነው፤ ጥቅሱ ይበልጥ የሚጎዳው ይበልጥ እንዲረዳ የታሰበውን ተማሪ ነው። ጎበዙ ሰምቶ ያጨበጭባል፤ ደካማው አብሮ ያጨበጭብና ለምን እንዳልተሳካለት መጠየቁን ያቆማል፤ ምክንያቱም መጠየቅ ራሱ ስንፍና ተብሏል።

ይህ ዝምታ በቅርብ ምን እንደሚመስል ለማሳየት፣ ከአነደድ ገጠር ቀበሌ መጥታ በአምበር ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ በምሳሌነት ብትወሰድ መልካም ነው። ይህች ተማሪ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች፣ ቅዳሜ እናቷን ስታግዝ ውላ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ፣ ማለት ደርቆሽ፣ በሶና ሽሮ ይዛ ትመለሳለች። ትምህርት ቤቷ የማጠናከሪያ ትምህርቱን ቅዳሜ ጠዋት ያደረገ እንደሆነ ሁልጊዜ ትቀራለች፤ በሰኞ ሰልፍ ላይ «ቅዳሜ የቀረ ሰነፍ ነው፣ ምክንያት አንቀበልም» ሲባል ደግሞ ስንቅ ለማምጣት እንደምትሄድ ከመናገር አንገቷን መድፋት ትመርጣለች። በሞዴል ፈተና ከ60 የሒሳብ ጥያቄ 17ቱን ብቻ መልሳ ወረቀቷን ስትቀበል «በርቺ፣ ከፈለግሽ ትችያለሽ» ተብሎ ከተጻፈበት፣ እስካሁን አልፈለግሽም መባሏን በሚገባ ትረዳለች።

ያንኑ ወረቀት መምህሩ ቁጭ ብሎ ቢያየው ሌላ ነገር ያነብበታል። ከሳተቻቸው 43 ጥያቄዎች ውስጥ 18ቱ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ወቅት በታለፉ የ10ኛ ክፍል ምዕራፎች ላይ የተመሠረቱ ሆነው ይገኛሉ እንበል፤ 14ቱን በትክክል ጀምራ በመካከሉ የመደመርና የመቀነስ ምልክት በማሳሳት አበላሽታቸዋለች፣ የቀሩት 11 ደግሞ ሰዓቱ አልቆባት ባዶ የተተዉ ናቸው። በዚህ ጊዜ ሊባል የሚገባው ነገር ራሱ ከወረቀቱ ይወጣል፦ «18ቱን የሳትሻቸው ስላልተማርሻቸው ነው፣ ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም። 14ቱ ላይ ግን መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ምልክት ላይ ትቸኩያለሽ፤ እነዚህን ብቻ ብታስተካክይ 31 ይሆንልሻል፣ ይህም ከግማሽ በላይ ነው። ያለፈሽን ምዕራፍ በሙሉ እስከ ፈተናው ማድረስ ላንችል እንችላለን፤ በብዛት ከሚጠየቁት ከሁለቱ እንጀምር። ቅዳሜ እንደማይመችሽ ሰምቻለሁ፣ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነይ።» በዚህ ንግግር ውስጥ ተማሪዋ አትወደስም፤ ስህተቷም አይሸፈንም፤ የማይቻለው ሳይቀር በግልጽ ተነግሯታል። ሐቀኛ ማበረታቻ የሚባለው ይህ ነው፤ የሆነውን አምኖ ይጀምራል፣ ከተማሪው እጅ ያለውንና የሌለውን ይለያል፣ ከተናጋሪው በኩልም አንድ የሚታይ ነገር ያዋጣል። በጎጃም ገበሬ ዘንድ ታሞ እርሻው ለቀረበት ሰው ከማዶ ሆኖ «በርታ!» ብሎ መጮህ ነውር ነው፤ ደቦ ወጥቶ በሬውን ጠምዶ የሚመጣ ግን ምንም ባይናገር አበረታቷል።

በዚህ ላይ ብዙ መምህራን በቅንነት የሚያነሡት ሥጋት አለ፤ የችግሩን ምክንያት ለተማሪው መንገር እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ፈቃድ መስጠት አይሆንም ወይ ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም፤ «አይዞሽ፣ ሒሳብ ለሁሉም አይሆንም» የሚለው ማጽናኛ ርኅራኄ ቢመስልም ከተማሪዋ ምንም እንደማይጠበቅ ስለሚነግራት ከስድቡ ባልተናነሰ ሁኔታ ተስፋ ያስቆርጣል። መውጫው ከፍ ያለ ግምትን ከዝርዝር እርማት ጋር ማያያዝ እንደሆነ ዴቪድ ዬገር፣ ጄፍሪ ኮኸንና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ በ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ አድርገው በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት ያመለክታል። መምህራኑ በተማሪዎቹ ድርሰት ላይ እንደተለመደው ዝርዝር አስተያየት ጻፉ፤ ከዚያ ለገሚሶቹ «ይህን አስተያየት የሰጠሁህ ከአንተ ብዙ ስለምጠብቅና እንደምትደርስበት ስለማውቅ ነው» የሚል ማስታወሻ ተያያዘ። ጥቁር አሜሪካውያን ከሆኑት መካከል ድርሰታቸውን አሻሽለው የመለሱት፣ ይህ ማስታወሻ ከሌላቸው ዘንድ ከአምስት አንድ እንኳ ሳይሞሉ፣ ካላቸው ዘንድ ከሦስት ሁለት በላይ ሆኑ። ጥናቱ በጥቂት ተማሪዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ ወደ አምበር ሊተላለፍ አይገባውም፤ ልብ ሊባል የሚገባው ማስታወሻው ብቻውን ያልቆመ መሆኑ ነው። ከሥሩ በዝርዝር የታረመ ገጽ ነበረ፤ ተማሪውም ቃሉን ያመነው ወረቀቱ መነበቡን ስላየ ሳይሆን አይቀርም።

አንድን ጥቅስ ከመለጠፍ በፊት መመርመር ረጅም ጊዜ አይወስድም። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ተማሪዎች ሁሉ ይበልጥ የተቸገረውን አስቦ፣ ይህ ልጅ ጥቅሱን ሲያነብ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል ወይስ ምን ያህል እንዳነሰ ብቻ ይሰማዋል ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «የማይገባህን ጥያቄ ምልክት አድርገህ አምጣ፣ አብረን እናየዋለን» የሚል ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ያልፋል፣ «ምክንያት የሰነፎች መደበቂያ ነው» የሚለው አያልፍም። ከዚህ በላይ የሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣ ወይም መኖር አስጠላኝ የሚል ተማሪ ሲገኝ ግን ሐቀኛውም ቃል ብቻውን ስለማይበቃው፣ በዚያው ቀን ቤተሰቡን አግኝቶ ወደ ጤና ባለሙያ ማድረስ ግዴታ ነው።

ስለዚህ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ምክንያትን የሚሰድብ ጽሑፍ ካለ እንዲነሣ፣ በቦታውም የትኛው መምህር በየትኛው ቀንና ሰዓት የትኛውን ምዕራፍ እንደሚያግዝ የሚገልጽ ሰሌዳ እንዲለጠፍ፣ የሰኞው ሰልፍም የቀሩትን ከማሳፈሩ በፊት ለምን እንደቀሩ እንዲጠይቅ፣ ይህ ደብዳቤ የተላከላቸው ሁሉ በአክብሮት ይጠየቃሉ።