ሶፍት ኮፒ የሚባለው ፎቶ

በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የማይታጣ አንድ ልማድ አለ። ባለሙያው የወሩን ሪፖርት በኤክሴል ይሠራል፤ ያትመዋል፤ ኃላፊው ይፈርምበታል፤ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያ ወረቀቱ ስካን ይደረግና ፒዲኤፍ ሆኖ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ወደ ዞን ይላካል። ከወገዳ፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ደብረ ታቦር የሚደርሰው እንዲህ ያለ ፋይል «ሶፍት ኮፒ» ይባላል። ተቀባዩም ሪፖርቱ በዲጂታል መንገድ እንደደረሰው ቆጥሮ ይመዘግባል። ቁጥሮቹን የሚደምረው ባለሙያ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ እንደገና ይተይባቸዋል። ወረዳው ውስጥ አንድ ጊዜ የተተየበ ሰንጠረዥ ዞን ላይ ሁለተኛ፣ አንዳንዴም ክልል ላይ ሦስተኛ ጊዜ ይተየባል።

ልማዱ የቆመው ፒዲኤፍ የሆነ ነገር ሁሉ ኮምፒውተር የሚያነበው መረጃ ነው በሚል እምነት ላይ ነው። እምነቱ ስሕተት ነው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ይህ የፋይል ዓይነት በውስጡ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል። ከኤክሴል ወይም ከዎርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ የተቀየረ ገጽ ፊደሎቹንና አኃዞቹን በየቦታቸው በኮድ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ይመረጣል፣ ይቀዳል፣ ይፈለጋል። በስካነር ያለፈ ገጽ ግን አንድ ትልቅ ፎቶ ብቻ ነው። አንድ ኤ4 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ስካን ሲደረግ በወርድ 2480፣ በቁመት 3508 ነጥቦች ይሆናል። ሰው ነጥቦቹን አይቶ «148 አባወራ» ብሎ ያነባል፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው። ይህን ደምርልኝ ማለት የእህል ፎቶ ይዞ በቁና ልስፈር እንደማለት ነው።

ድጋሚ መተየብ አድካሚ ቢሆንም ከሁሉ የከፋው ጉዳት እሱ አይደለም። የከፋው ፎቶው ያለምንም ማስጠንቀቂያ ዝም ማለቱ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከገባባቸው ወረዳዎች መካከል ናቸው። አንድ ተመራማሪ የሦስቱን ወረዳዎች የ12 ወር ሪፖርት ሰበሰበ እንበል፤ 36 ፋይል። ጽሑፉን የሚያወጣ አጭር ፕሮግራም ጽፎ «የምግብ እጥረት» የሚለው ሐረግ በየትኛው ወረዳ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ያስቆጥራል። የሁለቱ ወረዳዎች ፋይሎች በቀጥታ ከዎርድ የወጡ፣ የሦስተኛው ግን ሁሉም ስካን ናቸው። ፕሮግራሙ አይሰናከልም፤ ስሕተት አለ ብሎም አይጮህም። ለሦስተኛው ወረዳ ዜሮ ይጽፋል። ሰንጠረዡን የሚያይ ሰው ዜሮውን «ችግር አልተነሣም» ብሎ ያነበዋል እንጂ «ፋይሉ አልተነበበም» ብሎ አይጠረጥርም። ፎቶ ብቻ የሚልከው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መብራትና ኔትወርክ የሚያስቸግረው፣ ሁሉን ነገር በወረቀት የሚጨርሰው ወረዳ ነው። እንዲህ ሲሆን ከትንተናው የሚወድቀው በዕድል የደረሰው ሳይሆን ችግሩ ይበልጥ የጠናበት ሊሆን ይችላል።

ለመለየት ብዙ ዕውቀት አያስፈልግም። ፋይሉን ከፍቶ አንድ መስመር በማውዝ ለመምረጥ መሞከር ነው፤ ቃላቱ ካልተመረጡና በምትኩ ገጹ እንዳለ ከተሸፈነ ወይም ምንም ካልሆነ ፎቶ ነው። በጣም ሲያጎሉት ፊደሉ ጠርዙ የሚሸራረፍ ከሆነም ያው ምልክት ነው። ብዙ ፋይል ያለው ሰው ግን በዐይን አይዘልቀውም። ፖፕለር በሚባለው ነፃ የፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ይበቁታል፦

```
pdffonts report.pdf
pdftotext report.pdf - | wc -m
```

የመጀመሪያው በፋይሉ ውስጥ ያሉትን የፊደል ቅርጾች፣ ማለትም ፎንቶች፣ ይዘረዝራል፤ ፎቶ ብቻ ከሆነ ከርእሱ በታች ባዶ ነው። ሁለተኛው የሚገኘውን ጽሑፍ አውጥቶ ምልክቶቹን ይቆጥራል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ `pdftotext` በእያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ አንድ የማይታይ የገጽ መለያ ስለሚያስገባ 40 ገጽ ያለው ባዶ ስካን 0 ሳይሆን 40 ያሳያል። ስለዚህ ቁጥሩን ለገጽ ብዛት ማካፈል ይገባል። በሰንጠረዥ የተሞላ ገጽ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች ይኖሩታል፤ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ ፎቶ ነው። ሸኚ ደብዳቤው ስካን ሆኖ አባሪው ጽሑፍ የሆነበት ቅልቅል ፋይልም ስለሚያጋጥም ገጽ በገጽ ማየት ይሻላል።

ለአማርኛ ግን «ከተመረጠ ደኅና ነው» የሚለው ምክር ብቻውን አያዛልቅም። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ አማርኛ የተጻፈው የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደሎች ኮድ ላይ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ፒዲኤፍ ስክሪን ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ይመረጣልም። ቀድተው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ «ስማዳ» ብለው ቢፈልጉም አይገኝም። አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሚታተሙበት እንደ ነጋሪት ጋዜጣ ባለ ሰነድ ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ስካኑ በእንግሊዝኛ ብቻ የፊደል ንባብ ተደርጎለት ከሆነ የእንግሊዝኛው ዓምድ ይፈለጋል፣ የአማርኛው ግን ትርጉም የለሽ ቃርሚያ ነው። ስለዚህ ፈተናው መምረጥ ብቻ ሳይሆን አንድ የአማርኛ ቃል ቀድቶ መለጠፍ ነው።

«ፎቶ ቢሆንስ፣ ፊደል የሚያነብ ፕሮግራም አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ በ1934 ዓ.ም. መውጣት ለጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ የቀድሞ እትሞች፣ እንዲሁም በወረቀት ብቻ ለቀሩ የአውራጃ መዛግብት ሌላ መንገድ የለም። ሆኖም ንባቡ ግምት ነው። «ስ»ን «ሰ»፣ 8ን 3 ሊያደርግ ይችላል፤ ማኅተም የተደራረበበት አኃዝ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አንድ ቀበሌ ላይ ወንድ 148፣ ሴት 131፣ ድምር 279 ከነበረና 148ቱ 143 ተብሎ ከተነበበ ድምሩ 274 ስለሚሆን ከተጻፈው ጋር አይገጥምም። የወንዶች ዓምድም ወደ ታች ሲደመር በ5 ይጎድላል። ድምራቸው የተዛነፈው አግድም መስመርና ቁልቁል ዓምድ የሚገናኙበት ሳጥን ስሕተቱ ያለበት ነው። ድምር የሌለው ሰንጠረዥ፣ ለምሳሌ የዝናብ መጠን ወይም የገበያ ዋጋ፣ ይህ መከላከያ የለውም፤ ባለሙያው ከወረቀቱ ጋር በዐይኑ ከማስተያየት አያመልጥም። ትናንት በኤክሴል ለተሠራ ሪፖርት ይህን ሁሉ ድካም ማምጣት ግን በገዛ እጅ የተፈጠረ ሥራ ነው።

የልማዱ ተከራካሪዎች ማኅተም የሌለው ሰነድ ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ኤክሴል ማንም ሊነካካው ይችላል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም. ቢወጣም የፊርማው አሠራር ወረዳ ድረስ እስኪወርድ መጠበቅ አያስፈልግም። ፊርማና ማኅተም የሚያርፈው ሸኚ ደብዳቤው ላይ ነው። እሱ ብቻ ስካን ይደረግ፤ ሰንጠረዡ በኤክሴልነቱ አብሮ ይላክ። በደብዳቤው ላይ የፋይሉ ስም፣ የመስመሮቹ ብዛትና የየዓምዱ ጠቅላላ ድምር ይጻፍ። ዞን ላይ ያለው ተቀባይ ፋይሉን ከፍቶ ድምሮቹን በደብዳቤው ላይ ከተፈረመባቸው ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠሙ ሥራ ሳይጀምር ስልክ ይደውላል።