ሐሰተኛውን ዲግሪ ያጋለጠው ሥራው ነው ወይስ ደብዳቤው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ ባጣሩ ቁጥር ሐሰተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው አይጠፋም። ዜናውን ስንሰማ ሁላችንም በአጭበርባሪው እንናደዳለን። የተያዘው እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። መሥሪያ ቤቱ "ይህ ሰው እናንተ ዘንድ ተመርቋል ወይ?" ብሎ ለኮሌጁ ጻፈ፤ "አናውቀውም" የሚል መልስ መጣ። ያጋለጠው ደብዳቤ ነው እንጂ ሥራው አይደለም! እስከዚያች ቀን ድረስ በዲግሪ መደብ ተቀምጦ የዲግሪ ደመወዝ ሲበላ ቆይቷል።

ትምህርት ደመወዝን ለምን ያሳድጋል? ኢኮኖሚስቶች ሁለት መልስ አላቸው። የመጀመሪያው በቴዎዶር ሹልትዝና በጌሪ ቤከር ስም የሚታወቀው የሰው ካፒታል ንድፈ ሐሳብ ነው፦ የተማረ ሰው ክህሎት ስለጨመረ የበለጠ ያመርታል፣ ስለዚህም የበለጠ ይከፈለዋል። ሁለተኛውን ማይክል ስፔንስ በ1973 እ.ኤ.አ. አቀረበው። እሱ እንደሚለው ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ በዓይኑ ማየት አይችልም፤ ዲግሪውን ግን ያያል። ትምህርት ለጎበዙ ስለሚቀል፣ ክፍል ውስጥ ምንም ባይጨመርለት እንኳ ወረቀቱ ጎበዝነቱን ይጠቁማል። ዲግሪ ምልክት ነው ማለት ይህ ነው።

ባለሥልጣኖቻችን የሚሰብኩን የመጀመሪያውን ነው፤ የሚቀጥሩን ግን በሁለተኛው ነው። ዲግሪው የሚከፈልበት በሚያስገኘው ክህሎት ቢሆን ኖሮ ክህሎቱ የሌለው ሰው በወራት ውስጥ በሥራው ይታወቅ ነበር። በሥራው ተጋልጦ ቀድሞ የወጣ አይኖርም አልልም፤ ዓመታት የቆየውን ግን ምን እንበለው? ወይ ሥራውን በደንብ ይሠራ ነበር፤ ያ ከሆነ መደቡ ዲግሪ አያስፈልገውም። ወይ አይሠራም ነበር፤ ያ ከሆነ ሥራውን የሚለካ አለቃ የለም።

የስፔንስ ሐሳብ ግን አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ምልክቱ ለማይችለው ሰው ከሚያገኝበት ጥቅም በላይ ውድ መሆን አለበት። ለምሳሌ ዲግሪ በወር 4,000 ብር ይጨምራል እንበል፤ በዓመት 48,000 ብር ነው። አንድ ሰው ወረቀቱን በ40,000 ብር ከገዛው በ10 ወር ውስጥ ይመልሰዋል። ያኔ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይይዘዋል፣ ምልክቱም ይሞታል። ቀጣሪው ምን ያደርጋል? ማስተርስ ይጠይቃል። ሥራው ያው ነው፤ ቤተሰብ ግን ሁለት ዓመት ተጨማሪ ይከፍላል።

ወደ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ውረዱና ሌላውን ገበያ እዩ። አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ዲግሪህን አሳየኝ የሚለው ደንበኛ የለም። ጽሑፉ ካልረባ ደንበኛው በሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ ሌላ ጸሐፊ ይሄዳል። እዚያ የሚከፈለው ለችሎታ ነው፤ ቤከር ልክ የሚሆነው ሥራው በሚታይበት ቦታ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለ ቢሮ ውስጥ ግን የደመወዝ እርከኑ የሚያየው ፋይል ነው።

"መውጫ ፈተናው መፍትሔ ሆኗል" ትሉኝ ይሆናል። በሕግ ትምህርት ቀድሞም ነበረ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሌሎቹም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሆነ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው የምልክቱን ዋጋ መልሶ ያስወድዳል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን መለኪያ ነው፤ ቴርሞሜትር ትኩሳት አያወርድም።

ይልቅ ክርክሩን ለመመርመር ጥሩ አጋጣሚ ሰጥቶናል። 49 ያመጣችና 50 ያመጣች ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ተምረዋል፣ እውቀታቸው ያው ነው ማለት ይቻላል፤ አንዷ ግን ዲግሪ የላትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደመወዛቸው ከተራራቀ ልዩነቱ የወረቀቱ ነው። ዴመን ክላርክና ፓኮ ማርቶሬል በአሜሪካ ቴክሳስ የሁለተኛ ደረጃ መውጫ ፈተናን ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የወደቁትን እንዲህ አነጻጽረው በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ዲፕሎማው ራሱ በደመወዝ ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል ሆኖ አላገኙትም። ስለዚህ "ወረቀት ሁሉ ምልክት ብቻ ነው" የሚሉትም አይቸኩሉ። እኛ ጋ ግን መደቡ ራሱ ዲግሪ ስለሚጠይቅ፣ 49 ያመጣችው ችሎታዋን የምታሳይበት በር ገና ሳትገባ ይዘጋባታል። የወደቀች ደግማ መፈተን ስለምትችል ንጽጽሩ መደረግ ያለበት በመጀመሪያው ፈተና ውጤት ነው።

የትምህርት ሚኒስቴር ውጤቱ አለው፤ የደመወዝ ግብርና የጡረታ መዝገብም መንግሥት እጅ ነው። ያገናኟቸውና ይንገሩን። እስከዚያው ዲግሪ የሚጠይቅ እያንዳንዱ መደብ አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ወረቀቱ ሐሰተኛ ቢሆን በሥራው በስንት ወር እናውቃለን? "ደብዳቤ ካልጻፍን አናውቅም" የሚል መሥሪያ ቤት ዲግሪ መጠየቁን ትቶ አመልካቹን ሥራውን አሠርቶ ይፈትነው።