62% የምን 62% ነው?

የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ ሒሳብ ክፍል ፐርሰንት ባያችሁ ቁጥር «የምን?» ብላችሁ ጠይቁ እያልኩ አሰለቻችሁ ነበር። ዘንድሮ ራሴ ሳልጠይቅ ቀረሁና እናቴን ጎዳኋት።

እማዬ ደም ግፊት ከያዛት ብዙ ዓመት ሆኗታል። አጠና ተራ ደርሳ መመለስ አቃታት፣ እግሯ አበጠ፣ ማታ ትራስ ካልደራረበች ትንፋሽ ያጥራታል። የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ተነሳች። ወረቀቱ ላይ EF 62% ይላል። ኢንተርኔት ላይ ሳይ የጤነኛ ሰው ከ55 እስከ 70 አካባቢ ነው። «እማዬ፣ ልብሽ ደህና ነው!» አልኳት። «ታዲያ ይሄ የሽንት ኪኒን ምን ያደርግልኛል?» ብላ ተወችው። በሳምንቱ ሌሊት መተኛት አቅቷት፣ ቁጭ ብላ እያቃሰተች ድንገተኛ ክፍል ይዘናት ሮጥን።

ቁጥሩ አልዋሸም፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ። ኢጀክሽን ፍራክሽን የሚለው የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም ውስጥ በአንድ ምት ስንት እጁን እንደገፋ ነው። መጀመሪያ ስንት እንደያዘ አይነግረንም።

እስቲ በምሳሌ እናስላው። ጤነኛ ልብ 120 ሚሊ ሊትር ይይዝና 72 ይገፋል፤ 60%። በግፊት ብዛት ግድግዳው የወፈረና የደነደነ ልብ ደግሞ ላላ ብሎ መሙላት ስለሚያቅተው 70 ብቻ ይዞ 42 ይገፋል። እሱም 60%! ፐርሰንቱ እኩል ነው፤ ለሰውነት የሚደርሰው ግን አይገናኝም። ደንዳናውን ልብ ለመሙላት የሚያስፈልገው ግፊትም ወደኋላ ሳንባ ድረስ ይደርሳል። ሳንባ ውኃ የሚቋጥረው፣ እማዬም ጋደም ስትል የምትታፈነው ለዚህ ነበር።

በልጅነት የቶንሲል መዘዝ የልብ ቫልቩ የተበላሸበት ሰውም አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። ቫልቩ የሚያፈስ ልብ 150 ይዞ 90 ቢገፋ 60% ይባላል። ከ90ው 40 ወደኋላ ቢመለስ ግን ወደፊት የሄደው 50 ብቻ ነው። ስሌቱ የተመለሰውንም «ተገፋ» ብሎ ይቆጥረዋል።

ቁጥሩ አይረባም እያልኩ አይደለም። 40 እና ከዚያ በታች ከሆነ ሐኪሙ መድኃኒት የሚመርጠው በእሱ ነው። 62 የነበረው በሌላ ቀን 57 ቢሆን ደግሞ አትደንግጡ፤ በአለካክ ብቻ ይህን ያህል ሊለያይ ይችላል። እኔ የምለው፣ ይህ ቁጥር ብቻውን «የልብ ድካም የለም» ለማለት አይበቃም።

ሐኪሞቻችን ወረቀቱን ሲሰጡን «በደንብ ይገፋል፣ በደንብ ግን አይሞላም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ቢጨምሩልን እማዬ ኪኒኗን አትተውም ነበር። እኛም ስለ ግድግዳው ውፍረት፣ ስለ ግራው የላይኛው ክፍል መስፋትና ስለ ቫልቮቹ የተጻፈውን እንጠይቅ።

አሁን እማዬ ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ትወጣለች። በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረች ውኃ እየቋጠረች ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪሟ እንደውላለን። «ልብሽ ደህና ነው» ማለት ግን ትቻለሁ።