ሲሊኮን ለገንዳው፣ አክሪሊክ ለቀለሙ

አርባ ምንጭ ሲቀላ ከአንድ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ገብቶ «የባኞ ሲሊኮን አለ?» ያለ ደንበኛ መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ነጭ ቱቦዎች ሊቀርቡለት ይችላሉ። አንደኛው በእርግጥም ሲሊኮን ነው፤ ሌላው አክሪሊክ። አክሪሊኩ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፣ ሳይደርቅ ከእጅ በውኃ ይለቃል፣ ቀለምም ይቀበላል። ደንበኛው የሚታለለው በእነዚሁ ደጋግ ጠባዮቹ ነው።

ባኞው ከግድግዳው ሴራሚክ ጋር የሚገናኝበት መስመር ባለበት አይቆምም። 150 ሊትር ውኃ 150 ኪሎ ይመዝናል፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲታከልበት 220 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ክብደት ገንዳው 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ አለ እንበል። ክፍተቱ 5 ሚሊ ሜትር ከነበረ ማሸጊያው 20 በመቶ ተለጠጠ ማለት ነው። ጥሩ የባኞ ሲሊኮን እስከ 25 በመቶ ይችላል። አክሪሊክ ግን ደህና የሚባለው እንኳ ከ12.5 በመቶ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ በፀጉር ስፋት ይሰነጠቃል፤ ውኃውም በዚያች ስንጥቅ እየሰረገ ከታች ባለው ፎቅ ኮርኒስ ላይ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሠራተኞች እዚያው መስመር ላይ የሚሞሉት ነጭ ሲሚንቶ ደግሞ ጨርሶ አይለጠጥም።

መላው ቀላል ሆኖ ሳለ ሲሠራ እምብዛም አይታይም፦ ባኞውን በውኃ ሞልቶ ሲሊኮኑን መቀባት፣ ውኃውንም ቢያንስ እስከ ማግስቱ አለመልቀቅ። ክፍተቱ ያኔ በሰፊው ስለሚታሸግ ገንዳው ባዶ ሲሆን ሲሊኮኑ ይጨመቃል እንጂ አይወጠርም።

የእጅ መታጠቢያውና የወጥ ቤቱ ሲንክ ጠርዝም የሲሊኮን ቦታ ነው፤ አክሪሊክ የተኛ ውኃ ሲያገኘው ይለሰልሳል። ከሲንኩ በላይ ያለው ሴራሚክ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል። ከጠረጴዛው ጋር የሚገናኝበት የታችኛው መስመር በሲሊኮን ይታሸጋል። ቀለም ከተቀባው ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት የላይኛው መስመር ለአክሪሊክ ይተዋል፤ እዚያ ውኃ አይተኛም፣ ሲሊኮን ላይ ደግሞ ቀለም አይዝም። ጠረጴዛው እብነ በረድ ከሆነ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አይቀርበውም፤ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል። «ኒውትራል» ተብሎ የተጻፈበትን መጠየቅ ነው።

ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት እየወሰደ ስለሆነ፣ እንደ አባያ ዳርቻ ባለ ሙቀት እርጥበት ሲጨመርበት ቶሎ ቆዳ ያወጣል። አንድ ክንድ ያህል ቀብቶ ወዲያው ማለስለስ ይሻላል፤ ቆዳ ካወጣ በኋላ የነካው ጣት ያበላሸዋል። አሮጌ ሲሊኮን ላይ አዲስ መደረቡ ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ስለማይያያዙ አሮጌው በምላጭ ተፍቆ፣ ቦታው በአልኮል ተወልውሎ መድረቅ አለበት።

ቱቦው ሙቀት ባለው መደብር ብዙ ወራት ተቀምጦ ሊሆንም ይችላል። የማብቂያ ቀኑን ማየት፣ ካጠራጠረም ጥቂቱን ካርቶን ላይ ጨምቆ ማሳደር ነው። በማግስቱ አሁንም ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ቱቦው ወደ መደብሩ ይመለስ።