መጽሐፋችንን ሥዕል አታድርጉት

በማተሚያ ቤት ደጃፍ እንደ ሕግ የሚነገር አንድ ትእዛዝ አለ፤ «ፊደሉን በሙሉ አውትላይን አድርጋችሁ አምጡ» የሚል ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርስ ደራሲ ይህን ሲባል እሺ ከማለት ሌላ ምርጫ ያለው አይመስለውም። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ድካሙ የራሱ ነው፤ የታዘዘውን ግን ሳይመረምር ይፈጽማል። እኔ ይህ ትእዛዝ ለመጽሐፍ ሽፋን ካልሆነ በቀር ጎጂ ነው ባይ ነኝ። ጉዳቱም የሚታየው መጽሐፉ በታተመ ማግስት ሳይሆን ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ትእዛዙን የሰጠው ሰው ተጠያቂ ሆኖ አያውቅም።

ለትእዛዙ መነሻ የሆነው ችግር ግን እውነተኛ ነው፤ መካድ አይገባም። የአማርኛ ፊደል በኮምፒዩተር ዓለም የጋራ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ የዩኒኮድ 3ኛ እትም ሲወጣ ነበር። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደሎቻችንን ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቦታዎች ላይ እንደፈቀደው ይደረድራቸው ነበር። ቦታው ጠባብ፣ ፊደሉ ብዙ ስለሆነም አንዱን ሆሄ በአንድ ፎንት፣ ሌላውን በሌላ ፎንት ያስቀመጡ ነበሩ። በስክሪኑ ላይ «ሀ» ሆኖ የሚታየው ነገር በፋይሉ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ የላቲን ምልክት ትርምስምስ ሆኖ ይወጣል። ማተሚያ ቤቶች በዚህ ስንት ጊዜ እንደተቃጠሉ መገመት አያዳግትም። «አውትላይን አድርጉ» ያሉትም እጃቸው ስለተቃጠለ ነው።

ሆኖም እሳቱን የሚያጠፋ ሌላ ውኃ እያለ ቤቱን ማፍረስ ምን አመጣው? ውኃው ፎንቱን በፒዲኤፉ ውስጥ ማስገባት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአንባቢ ግልጽ መሆን አለበት። ፎንት ሲገባ፣ ፋይሉ ጽሑፉንም የፊደሉን ቅርጽ የያዘውንም ሰነድ አብሮ ተሸክሞ ይጓዛል፤ ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ባይኖረውም ገጹ እንደተሠራው ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜም የሚገባው በመጽሐፉ ውስጥ የተጠቀምንባቸው ሆሄያት ብቻ ስለሆኑ ፋይሉ አይከብድም። አውትላይን ሲደረግ ግን ጽሑፉ ይጠፋል። «ሀ» «ሀ» መሆኑ ይቀርና የመስመሮችና የኩርባዎች ሥዕል ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ያን ሥዕል ከአንድ የዛፍ ሥዕል ለይቶ አያየውም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር ከዋሸራና ከዲማ ሊቃውንት የሰበሰበውን ቅኔ ከነትርጓሜው በ160 ገጽ አዘጋጀ እንበል። ግማሹን ከዓመታት በፊት በአሮጌው የፎንት ዓይነት አስተይቦታል፤ ግማሹን ደግሞ በቅርቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በመጣው ኒያላ በተባለው የዩኒኮድ ፎንት። የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪው በወርድ ነው የሚሠራው። ይህ ሰው ምን ማድረግ አለበት?

በመጀመሪያ አሮጌውን ግማሽ ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ አለበት። አሮጌው ፎንት በፒዲኤፍ ውስጥ ቢገባ ወረቀቱ ላይ አምሮ ይወጣል፤ ውስጡ ግን ያው የላቲን ትርምስ ነው። ከተለወጠ በኋላ እርማቱ ደግሞ በሩጫ አይደለም። በመለወጥ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚበላሹት የግእዝ ቁጥሮች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና እንደ ቈ፣ ኈ፣ ጐ ያሉት ሆሄያት ናቸው። በጋዜጣ ዜና ውስጥ ኈ ብትጠፋ ላይታወቅ ይችላል፤ በግእዝ ቅኔ ውስጥ ግን አንድ ሆሄ ሲሳሳት ቃሉ ይለወጣል፤ ቃሉ ሲለወጥም ወርቁ ከሰሙ ይለያል። በሆሄው ቦታ ባዶ ሳጥን ከታየ ያ ፎንት ሆሄውን አልያዘም ማለት ነው፤ ፎንት መቀየር እንጂ ሳጥኑን በእጅ ለመጠገን መሞከር አያዋጣም።

ቀጥሎ ፒዲኤፉን ማውጣት ነው። በወርድ `Save As` ብሎ ፒዲኤፍን ከመረጠ በኋላ `Standard (publishing online and printing)` የሚለውን ይይዛል፤ `Minimum size` የሚለው ለኢሜይል እንጂ ለማተሚያ ቤት አይደለም። ከዚያ `Options` ሲከፍት `Bitmap text when fonts may not be embedded` የምትል መስመር ምልክት ተደርጎባት ያገኛል። ምልክቷን ማንሣት አለበት። ይህች መስመር የምትለው «ፎንቱ እንዳይገባ ባለቤቱ ከከለከለ፣ ጽሑፉን ወደ ነጠብጣብ ሥዕል ለውጠው» ነው። አንዳንድ ፎንቶች እንዲህ ያለ ክልከላ በውስጣቸው ተጽፎባቸዋል። ምልክቷ ካልተነሣ ችግሩ ተደብቆ ያልፋል፤ የሚታወቀውም ታትሞ ሲመጣ፣ የሆሄያቱ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ሲሆን ነው። ምልክቷ ከተነሣ ግን ያልገባው ፎንት በምርመራ ይጋለጣል፤ ያኔ እንዲገባ የሚፈቅድ ሌላ ፎንት መምረጥ ነው።

ምርመራው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ፒዲኤፉን በአክሮባት ሪደር ከፍቶ በ`Properties` ሥር `Fonts` የሚለውን ገጽ ማየት ነው። ከእያንዳንዱ ፎንት ስም ጎን `Embedded Subset` ወይም `Embedded` የሚል ቃል መኖር አለበት። አንዱ እንኳ ከጎደለው ፋይሉ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። ፖፕለር የተባለው ነጻ መሣሪያ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ይጽፋል፦

```
pdffonts qine.pdf
```

በሚመጣው ሰንጠረዥ `emb` በሚለው ዓምድ ሥር ሁሉም `yes` ከሆነ ፎንቶቹ ገብተዋል። የመጨረሻው ፈተና ግን መሣሪያ አይፈልግም፤ ከፒዲኤፉ አንድ ዐረፍተ ነገር ገልብጦ በባዶ ገጽ ላይ መለጠፍ ነው። ያው አማርኛ ከመጣ መጽሐፉ ሕያው ነው። የላቲን ምልክት ከመጣ ፋይሉ ለወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው። ምንም አልመረጥ ካለ ደግሞ ጽሑፉ ሥዕል ሆኗል።

አሁን ወደ ሽፋኑ እንምጣ፤ የአውትላይን ትክክለኛ ቦታው እዚህ ነውና። በሽፋን ላይ ያለው ጽሑፍ የመጽሐፉ ርእስና የደራሲው ስም ነው፤ አርቲስቱም ርእሱን ቅርጹን ቀይሮ ሠርቶት ይሆናል። ይህን አውትላይን ማድረግ ማንንም አይጎዳም፤ አውትላይን ያልተደረገው ቅጂ ለብቻው እስከተቀመጠ ድረስ።

የሽፋን ዋናው አደጋ ሌላ ነው። ከጮቄ ተራራ ፎቶግራፍ በላይ ርእሱ ተጽፎ፣ ከርእሱ ሥር ለስለስ ያለ ጥላ ሲጣልበት፣ ያ ጥላ ብርሃን አሳላፊ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ፎቶግራፍ ያሳያል። ፖስትስክሪፕት የሚባለው የቆየው የማተሚያ ቋንቋ አሳላፊነት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ፒዲኤፍም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው 1.4 እትሙ ነው። ስለዚህ በቆየ መሣሪያ ፕሌት የሚያወጣ ቤት አሳላፊው ነገር አስቀድሞ እንዲደለደል፣ ማለትም ጥላውና ፎቶግራፉ ተጣብቀው አንድ ወጥ ምስል እንዲሆኑ ይጠይቃል። ካልተደለደለ ጥላው ጥቁር ሳጥን ሆኖ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ሊወጣ ይችላል።

ድልደላውም ስልት አለው። ፕሮግራሙ ጥላ የነካውን ጽሑፍ ቆራርጦ ወደ ነጠብጣብ ሊለውጠው ስለሚችል፣ ጽሑፉ ከጥላና ከፎቶግራፉ ሁሉ በላይ ባለው ንብርብር ላይ መቀመጥ አለበት። በኢንዲዛይን ደግሞ በ`Advanced` ገጽ ላይ `High Resolution` የሚለው ይመረጣል፤ መካከለኛው ለፊደል ጠርዝ በኢንች 300 ነጠብጣብ ብቻ ሲሰጥ፣ ከፍተኛው 1200 ይሰጣል። ከድልደላ በኋላ በስክሪን ላይ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ቢታዩ ወዲያው መደናገጥ አይገባም። አጉልተን ስናያቸው መስመሮቹ ሳይወፍሩ ያው ቅጥነታቸውን ከያዙ የስክሪን ጉዳይ ናቸው፤ ከምስሉ ጋር አብረው ከወፈሩ ግን እውነተኛ ስንጥቅ ናቸውና ሥራው ይደገም።

ማተሚያ ቤቱ አዲስ መሣሪያ ካለው ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የሕትመት ሥራ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች ሁለቱንም ያስተናግዳሉ፤ `PDF/X-1a` የተባለው ድልደላን ግድ ይላል፣ `PDF/X-4` አሳላፊነትን እንዳለ ይቀበላል። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ፎንት እንዲገባ ያዛሉ እንጂ አንዳቸውም ጽሑፍ አውትላይን ይሁን አይሉም። እንግዲህ ደራሲው ሊጠይቅ የሚገባው «የትኛውን ትቀበላላችሁ?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችል ቤት የእኔን ቅኔ በአደራ ሊቀበል አይገባውም።

«ግን አውትላይን አስተማማኝ ነው፤ ምንም አይዛወርም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ አይዛወርም። ሬሳም አይዛወርም። ፕሌቱ ሊወጣ ሲል በ87ኛው ገጽ ላይ አንድ ስሕተት ቢገኝ አውትላይን በሆነ ፋይል ውስጥ የሚታረም ቃል የለም። 500 ቅጂው አልቆ ሁለተኛ እትም ሲታሰብ፣ የታይፒስቱ ኮምፒዩተር ተበላሽቶ በእጅ የቀረው ያ ፋይል ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና ይተየባል፤ አዲስ ስሕተትም ይገባበታል። አንድ ተማሪ በመጽሐፉ ውስጥ የአንድን ባለቅኔ ስም ቢፈልግ አያገኝም፤ ዐይነ ስውር አንባቢም በድምፅ ሊሰማው አይችልም።

በእርሳስ ፊደል ዘመን ገጹ ታትሞ ሲያበቃ ፊደሉ ይበተን ወይም ይቀልጥ ነበር፤ ለሁለተኛ እትም እንደገና ይለቀም ነበር። ያ የግድ ነበር፤ እርሳሱ ለሌላ መጽሐፍ ይፈለግ ነበርና። ዛሬ ግን የሚቀልጠው ነገር ለማንም አይፈለግም፤ የምናቀልጠው ተነግሮን ስላልጠየቅን ብቻ ነው።

ስለዚህ ደራሲ ሆይ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ስትወጣ ሦስት ነገር ይዘህ ውጣ፤ በዩኒኮድ የተተየበውን የወርድ ፋይል፣ ፎንቱ የገባበትን የውስጥ ገጽ ፒዲኤፍ፣ የሽፋኑን ፒዲኤፍ ከነምንጩ። የከፈልክበት ነው፤ ያንተ ነው። ማተሚያ ቤቱ ከዚህ በኋላም ውስጡን አውትላይን አድርግ ካለህ ምክንያቱን በግልጽ ይንገርህ። ምክንያት ካለው አንድ ቅጂ አውትላይን አድርገህ ስጠው፤ ሕያውን ግን ለራስህ አስቀር።