ጥር 12 ወይስ ጥር 13?

የቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበራችን ወር በገባ በ12ኛው ቀን በአባላቱ ቤት በየተራ ይሰበሰባል። ከአባላቱ ልጆች አንዳንዶቹ ባሕር ማዶ ስለ ሆኑ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረ ገጽ ተከፈተ። ድረ ገጹም ጽዋው መቼና በማን ቤት እንደ ሆነ፣ መዋጮውም በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ይናገራል። ቀኑን የመጻፉ ሥራ «አስተማሪ ነህና ቀን አይጠፋህም» ተብሎ ለእኔ ተሰጠ።

የድረ ገጹ ቀን መቁጠሪያ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። ኅዳር 12 በኖቬምበር 21 ስለ ዋለ፣ 21ን ጻፍሁና «በየወሩ ይደገም» የሚለውን ነካሁ። ታኅሣሥ 12ም በዲሴምበር 21 ዋለ፤ እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ተውሁት።

ዳሩ ግን የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን ሲሆን፣ ዲሴምበር 31 አለው። ስለዚህ ጥር 12 የዋለው በጃንዋሪ 20 ነበር፤ ድረ ገጹ ግን 21 አለ፤ ይኸውም ጥር 13 ነው። እዚህ አዲስ አበባ ስሕተቱን ያየ አልነበረም፤ የሚካኤል ታቦት ከጥምቀተ ባሕር የሚመለስበትን ቀን ከድረ ገጽ የሚጠይቅ ማን አለ?

የዚያን ወር ባለ ተራ አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ጸሎቱን በስልክ ሊሰማ ተዘጋጅቶ ኖሮ፣ በማግሥቱ ደወለ። ጽዋው ለሌላ ተላልፏል፤ ጋኑም ታጥቧል። ልጁ «ሳትጠብቁኝ!» ብሎ እናቱን ተቀየመ። እሳቸው እኔን አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ «በየ30 ቀኑ ይደገም» ብዬ ሞከርሁ። እስከ ነሐሴ 12፣ ማለት እስከ ኦገስት 18 ድረስ፣ በትክክል ይሄዳል። ቀጥሎ ግን ጳጉሜን ስለማይቆጥር ሴፕቴምበር 17ን ይሰጣል፤ ያ ቀን መስከረም 7 ነው! መስከረም 12ን ለማግኘት 35 ቀን መቍጠር ያስፈልጋል፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36።

እንግዲህ መደጋገሙን ጨርሼ ተውሁት። በዓመቱ መጀመሪያ 12ቱን ቀኖች አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ የማኅበሩ ሙሴ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ይዘው አጠገቤ ይቀመጡና ያነቡልኛል። እሳቸው «ይሁን» ሳይሉ አንድም ቀን ለሕዝብ አይወጣም። የባንኩን ሒሳብ ቍጥርም እኔ አልነካም፤ ገንዘብ ያዡ ይጽፋል፣ ሙሴው ከደብተሩ ጋር ያስተያያሉ።

ጳጉሜ በ2019 ዓ.ም. 6 ስለምትሆን የ2020 የኅዳር ሚካኤል ኖቬምበር 22 ላይ ይውላል። ይህንንም በቀይ ቀለም ጽፌ ከማኅበሩ ደብተር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ያን ጊዜ ተረኛው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።