«ይላኩልኝ» ድንበር ሲሻገር

ደሴ ፒያሳ ተቀምጦ ለኮምቦልቻ ፋብሪካ መለዋወጫ ለሚያቀርብ የውጭ ድርጅት ኢሜይል የሚጽፍ ሰው፣ በልቡ «የዋጋ ማቅረቢያውን ይላኩልኝ» ይላል። በአማርኛ ነውር የለበትም፤ አንቱታው «ይላኩ» ውስጥ፣ ልመናው «ልኝ» ላይ አለ። እንግሊዝኛው ግን ሁለቱንም አራግፎ «ሴንድ ሚ» የሚል ደረቅ ትእዛዝ ያስቀራል። «ፕሊዝ» ቢለጠፍበትም ያው ትእዛዝ ነው። ይህን የፈራ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤውን እንዳለ ያሻግራል፤ የከበረ ሰላምታ፣ «ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው»፣ ቅድመ ምስጋና፣ ጥያቄውም ከታች ተቀብሮ ይቀራል። (ማኅተም ብቻ ነው የቀረው!) እኔ የምመርጠው ስም ጠርቶ በጥያቄ መልክ መጀመርን ነው፦ «ኩድ ዩ ሴንድ አስ ዘ ኮቴሽን ባይ ቱስደይ?» ቀጥሎ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ግዢ ኮሚቴው ረቡዕ ይሰበሰባል። በእንግሊዝኛ አንቱታውን የሚተካው ይህ ጥያቄና ምክንያት ነው፤ ቀኑ ቁርጥ ስላለ ተቀባዩም መቼ እንደሚመልስ አይጠፋውም። ለኤምባሲ የሚጻፍ መደበኛ ደብዳቤ ሌላ ነው፤ እዚያ ማዕረጉም ወጉም ይጠበቅ። ለሻጭ ሠራተኛ ግን «ዩር ኤክሰለንሲ» ማለት ሹፈት ይመስላል።